«ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ» ማለት ለምን አይበቃም? በአፈጻጸም ምክንያት ሲሰናበቱ የሚሠሩ ስህተቶች

መጀመሪያ ለዋናው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ሳይሰርቅ፣ ሳይሳደብ፣ ሳይቀር፣ ሥራው ስለደከመ ብቻ አንድን ሠራተኛ ማሰናበት ይቻላል? በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አዎ ይቻላል። ብዙ ቀጣሪ ፍርድ ቤት የሚሸነፈው ሠራተኛው ጎበዝ ስለነበር አይደለም። መንገዱን ስለሳተ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ አለች እንበል። 4 ዓመት ሠርታለች፣ ደመወዟ 18,000 ብር ነው። በውሏ አባሪ ላይ በወር 25 ትዕዛዝ እንድታመጣ ተስማምታለች፤ አሁን የምታመጣው 14 ነው። አዲስ የመጣው አለቃዋ «ፒአይፒ ውስጥ አስገቧት» ይላል። የአፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ ማለቱ ነው።

ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ማምታታት

በእኛ ቋንቋ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» ስለሚባሉ ስህተቱ እዚሁ ይጀምራል። አንደኛው «ሥራሽን አስተካክዪ» የሚለው ደብዳቤ ነው። ሌላው ስንብቱ ከተወሰነ በኋላ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። ለልጅቷ 2 ወር ይደርሳታል። «ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ» ብሎ በማግስቱ በሩን ማሳየት የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው መቁጠር ነው።

አልቻለችም ወይስ አልፈለገችም?

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ለደካማ ሥራ ሁለት በር አለው።

በአንቀጽ 28 በኩል ያለው በር የችሎታ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው የተመደበበትን ሥራ የመሥራት ችሎታው ሲቀንስ፣ ወይም ችሎታውን የሚያሻሽል ሥልጠና ተዘጋጅቶለት እምቢ ሲል ወይም ሠልጥኖም ሳይችል ሲቀር ይከፈታል። ስንብቱ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በቀር፣ የችሎታው ማነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት።

አንቀጽ 27 ደግሞ እየቻለ ለማይሠራ ነው። ችሎታው እያለው ውጤቱ ከተወሰነው ጥራትና መጠን በታች በተደጋጋሚ ሲሆን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ግን የትኛው መጠን? በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት የተወሰነው ነው። አለቃው ሰኞ ጠዋት ብድግ ብሎ 25ቱን 40 ቢያደርገው፣ ያ የእሱ ምኞት እንጂ የተስማሙበት ልክ አይደለም። ሌላም ገደብ አለ። በዚህ አንቀጽ ማሰናበት የፈለገ ቀጣሪ ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ያልፍበታል።

ልጅቷ ለምን ከ25 ወደ 14 ወረደች? ሲጠየቅ ነገሩ ወጣ። የትዕዛዝ መመዝገቢያው ሶፍትዌር ተቀይሯል፣ በወር 9 ያህል ደረሰኝ ተሳስታ ትመዘግባለች፣ ግማሽ ቀኗ በማስተካከል ያልቃል። ይህ የአንቀጽ 28 ጉዳይ ነው። በ27 ያሰናበታት ቀጣሪ በገዛ ፋይሉ ይሸነፋል።

የማይለካ ዕቅድ መጻፍ

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ሽያጯን ታሻሽል፣ ተነሳሽነት ታሳይ፣ ከቡድኑ ጋር ተግባብታ ትሥራ። ጊዜ፦ 30 ቀን።» ይህን ያነበበ ዳኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተነሳሽነት በምን ይለካል? በግልጽ ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስንብቱ ካለቀለት በኋላ ነው። ሠራተኛውም ያውቀዋል።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። ጊዜው 3 ወር ይሁን። ትዕዛዙ በመጀመሪያው ወር 18፣ በሁለተኛው 22፣ በሦስተኛው 25። የተሳሳተ ደረሰኝ ከ9 ወደ 2 ይውረድ። በመጀመሪያው ሳምንት የሶፍትዌሩ የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጣት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከአለቃዋ ጋር ትቀመጥ፣ ቃለ ጉባኤውን ሁለቱም ይፈርሙ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ 23 ላይ ከደረሰች ጊዜ መጨመር ይሻላል። ሠልጥናም 15 ላይ ከቀረች ግን ቀጣሪው የሚያቀርበው ነገር አለው።

አዋጁ «ማሻሻያ ዕቅድ» የሚል ቃል የለውም። ዕቅዱ የምዘናው ማስረጃ ነው እንጂ በራሱ የስንብት ፈቃድ አይደለም። ሐሳቡ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166፣ ተገቢው መመሪያና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ ለማሻሻል በቂ ጊዜ አልፎም ካልተሻሻለ በቀር ሠራተኛ በሥራ ድክመት ሊሰናበት አይገባም ይላል። ምክረ ሐሳብ አያስገድድም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 158 ግን፣ በአሠሪው ላይ ይህን መጠበቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል እንዲሰጠው ይጠይቃል።

«በጣም ጥሩ» ብሎ ሞልቶ ማባረር

በሰኔ ምዘና «በጣም ጥሩ» ተሰጥቷት ቦነስ ወስዳለች። በኅዳር «ችሎታ የላትም» ተባለች። ኤችአር የሠራ ሰው ይህን ሺህ ጊዜ አይቷል። አለቆች መጨቃጨቅ ስለማይወዱ ለሁሉም አራት ከአምስት ይሞላሉ። ያ ቅጽ ግን ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ውጤቱ በእርግጥ የወረደ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ምክንያት እንደወረደ በጽሑፍ መታየት አለበት።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ልጅቷ ወደ ሥራ ካልተመለሰች፣ የቀን ደመወዟ 180 ጊዜ ተባዝቶ ይከፈላታል። በቀን 600 ብር ስናሰላ 108,000 ብር ነው። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ 36,000 ሲጨመር 144,000 ብር ይሆናል። ሌሎች ክፍያዎችን ሳንቆጥር ነው።

ሕጉ የማይመለከተውን ሰው በዚህ ሕግ ማየት

ባጭሩ፣ የሥራ መሪ የሚባሉት ኃላፊዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይዳኙም። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰውም ሌላ ነው። በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

የሠራተኛው ስህተቶች

ደብዳቤ አልቀበልም ማለት አያድንም። ስንብቱን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ እምቢ ከተባለ በሥራ ቦታው ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፍና እንደደረሰ ይቆጠራል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስም ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ እየላኩ አራተኛው ወር የገባባቸው ብዙ ናቸው።

ዕቅዱ ሲሰጥ ደግሞ አልፈርምም ብሎ ከመውጣት ይልቅ ከፊርማው ጎን «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም፣ በአዲሱ ሶፍትዌር ሥልጠና አልተሰጠኝም» ብሎ መጻፍና ቅጂውን ይዞ መሄድ ይሻላል።