ሲጫኑት ያመመ ሁሉ ጡንቻ አይደለም፦ በደረት ህመም ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደረት ጨምደድ ሲያደርግ አብዛኞቻችን ሁለት ነገር እንሞክራለን። አየር በደንብ ስበን እናያለን፤ ከዚያ የሚያመንን ቦታ በጣት እንጫናለን። ካመመን «ተመስገን፣ ጡንቻ ነው» እንላለን። ካላመመን ደግሞ እንደነግጣለን።

ሙከራው ከንቱ አይደለም። ሐኪምም ያደርገዋል። ልብ ከጎድን አጥንቶች ጀርባ ስለሆነ በጣት አይነካም፤ ስለዚህ በጣት ጫፍ የሚቀሰቀስ ህመም ከልብ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ይህን ልዩነት ስንዘነጋ ነው።

ስህተት 1፦ «አመመኝ» እና «ያው ህመም ነው» የሚሉትን አንድ ማድረግ

ደረትን ጠንከር አድርገው ከተጫኑት ጤነኛ ሰውንም ያመዋል። ይልቁንም አሥር ጊዜ ደጋግመው የጎረጎሩት ቦታ በአሥራ አንደኛው መታመሙ አይቀርም። ይህ ስለ ህመሙ ምንጭ ምንም አይነግርዎትም።

ትክክለኛው ጥያቄ «ያመኛል ወይ?» ሳይሆን «ይሄ ያ ያስጨነቀኝ ህመም ራሱ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ቁጭ ይበሉ፤ ትከሻዎን ይልቀቁ። በአንድ ጣት ከደረት መሃል አጥንት ጠርዝ ይጀምሩና ወደ ታች እየወረዱ እያንዳንዱን የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ለስለስ አድርገው ይጫኑ። የጎድን አጥንቶች ከደረት መሃል አጥንት ጋር የሚገናኙት እንደ ጆሮ ለስለስ ባለ አጥንት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆጣው ይህ መጋጠሚያ ሲሆን፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው የጎድን አጥንት ድረስ ያለው ነው። ከዚያ በሌላኛው ጎን ያንኑ ቦታ ይጫኑና ያወዳድሩ። በሁለቱም በኩል እኩል ካመመዎት፣ የተጫኑት በርትቶ ሊሆን ይችላል።

ከደረት ግድግዳ የሚመጣ ህመም ሌላም ምልክት አለው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው ዕቃ ሲያወርዱ ይቆነጥጣል። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ይታወቃል፦ ለቀናት የቆየ ሳል፣ ከባድ ሸክም፣ ያልለመዱት ስፖርት። ቦታውንም በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብለው ያሳያሉ። የልብ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ቦታው አይለይም። ሰውየው መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጫን ይለኛል፣ ያፍነኛል» ይላል እንጂ ህመም ብሎ ላይጠራው ሁሉ ይችላል።

መጋጠሚያው ላይ የሚታይ እብጠት ካለ ግን «ጡንቻ ነው» ብለው አይተዉት፤ ያስዩት።

ስህተት 2፦ በአንድ ደረት ውስጥ ሁለት ህመም አይኖርም ብሎ ማሰብ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ የ48 ዓመት ሰው እንውሰድ። ያጨሳል፤ ግፊት አለበት። ቅዳሜ ቁምሳጥን ሲያነሳ ዋለ። እሁድ ጠዋት ግራ ደረቱን ወጋው። ሲተነፍስ ይቆነጥጠዋል፤ ሲጫነው ያመዋል። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

«ስጫንዎት የሚሰማዎት፣ ያ ያመጣዎት ህመም ነው?»

«አዎ ዶክተር፣ ራሱ ነው።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ብዙ ሰው ቤቱ የሚያቆመው እዚህ ነው። ሐኪሙ ግን ቀጠለ።

«ደረጃ ሲወጡስ?»

«እሱማ ትንሽ ደረቴን ጫን ይለኛል። ቆም ስል ይለቀኛል።»

«ይሄስ ከቁምሳጥኑ በኋላ ነው የጀመረዎት?»

«ኧረ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሆነው አይቀርም።»

ይህ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር አለበት። ውጋቱ ከሸክሙ ነው፤ ሙከራውም በትክክል አግኝቶታል። ደረጃ ላይ የሚጫነው ግን ሲጫኑት አይገኝም፤ አየር መሳብም አይቀሰቅሰውም። የሚቀሰቅሰው ልብ ተጨማሪ ደም ሲፈልግ ነው። ሲቆም ፍላጎቱ ይቀንስና በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። የጠበበ የልብ ደም ስር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው እንዲህ ነው። ገና የጀመረ ስለሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ የሚያዝለት ሳይሆን በዚያው ቀን የሚታይ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጣትዎን ከመጠቀምዎ በፊት ሌላ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ ስንቀሳቀስ መጥቶ ሳርፍ የሚሄድ ነገር አለ? እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ጡንቻም ሲንቀሳቀሱ ያማል። ልዩነቱ ጡንቻን የሚያሳምመው የተወሰነ እንቅስቃሴ መሆኑ ነው፤ እጅ ማንሳት፣ ወገብ መዞር። እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ዳገት መውጣት ብቻ ደረትዎን ካፈነው፣ ያንን በጎድን አጥንት ማመካኘት ይከብዳል።

ደግሞም እውነተኛ ሃርት አታክ ይዟቸው ደረታቸው ሲነካ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ። ስለዚህ ከህመሙ ጋር ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ ወይም ወደ ክንድ፣ አንገትና መንጋጋ የሚሄድ ህመም ካለ፣ የጣት ሙከራውን ጨርሶ ይተዉት። ስኳር ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና ሴቶች ላይ ደግሞ የደረቱ ህመም ደብዛዛ ሆኖ፣ ትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካም ጎልቶ ሊመጣ ይችላል።

ስህተት 3፦ በትንፋሽ የሚባባስ ህመም ሁሉ የጡንቻ ነው ማለት

«ስተነፍስ ይወጋኛል» የሚለው ቃል ልብን ያርቃል እንበል። ግን የቀረው ጡንቻ ብቻ አይደለም። አየር ሲስቡ የሚንቀሳቀሰው የጎድን አጥንት ብቻ አይደለምና። ሳንባም ይለጠጣል፤ የሳንባ ሽፋንም ይፋተጋል።

እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ላይ ቢያርፍ ልክ እንደዚህ ይወጋል። ፍንጩ ከደረት ውጭ ነው የሚገኘው፦ በድንገት የመጣ ትንፋሽ ማጠር፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ ወይም ባት ላይ ህመም፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ረጅም ጉዞ ወይም አልጋ ላይ መዋል፣ ደም የቀላቀለ አክታ። እዚህም ላይ ደረት ሲጫኑት ሊያም ይችላል፤ ስለዚህ ጣትዎ አያድንዎትም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና አክታ ያለው ሳል ካለ የሳንባ ምችን ያስቡ። በተለይ ቀጭንና ረጅም በሆነ ወጣት ላይ በድንገት በአንድ ጎን ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ ከሳንባ አየር አፈትልኮ ሊሆን ይችላል።

የልብ ሽፋን መቆጣትም በትንፋሽ ይባባሳል። ይህኛው ጥሩ መለያ አለው። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፤ ተነስተው ወደፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል። ብዙ ጊዜ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ ይመጣል። የደም ስር መዘጋት አይደለም፤ ቢሆንም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስህተት 4፦ ግራ በኩል ስለሆነ ልብ ነው ብሎ መንቀጥቀጥ

የተገላቢጦሹም አለ። ቁጭ ባሉበት፣ ጡት አካባቢ፣ በመርፌ እንደተወጉ ያህል ለሰከንዶች ጨቅ አድርጎ የሚሄድ ውጋት በልጆችና በወጣቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። አየር ሲስቡ ይበረታል፤ ብዙዎች በዚያ ምክንያት ትንፋሻቸውን አሳጥረው ይጠብቁታል። ሌላ ምልክት ከሌለው ጉዳት የለውም። የልብ ደም እጥረት ህመም በሰከንድ አይለካም፤ በደቂቃዎች ነው።

ስህተት 5፦ መድኃኒቱን ምርመራ ማድረግ

«ማስታገሻ ወሰድኩ፣ ተሻለኝ፣ ስለዚህ ጡንቻ ነው።» «የጨጓራ ሽሮፕ ጠጣሁ፣ ቀለለኝ፣ ስለዚህ ጨጓራ ነው።» ሁለቱም አያስኬድም። የልብ ህመምም በራሱ መጥቶ በራሱ ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ሆድዎ ሳይደርስ ለቆዎት፣ ምስጋናው ግን ለመድኃኒቱ ይሆናል።

ሐኪም አይቶ የደረት ግድግዳ ነው ካለ ማስታገሻው ለህመሙ ይረዳል። ፓራሲታሞል ለብዙ ሰው ይስማማል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ሕመም ላለበት ሰው፣ እንዲሁም ለነፍሰ ጡር፣ ሳይጠየቅ የሚወሰዱ አይደሉም። የተቆጣ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል፤ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። በየቀኑ እየተጫኑ «ዳነ ወይ?» ማለት ደግሞ ያዘገየዋል።

ስህተት 6፦ «ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት

ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ ሲሆን፣ የሚያሳየው በተነሱበት ቅጽበት ያለውን ነው። የጠበበ የደም ስር ያለው ሰው አርፎ ሲተኛ ኢሲጂው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ሃርት አታክ በጀመረበት ሰዓት እንኳ የመጀመሪያው ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደጋግመው ያነሱዎታል። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ከሰዓታት በኋላ የሚደገመው ለዚሁ ነው፤ ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ሲሆን፣ ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል። «አንዴ ወስደውብኝ የለ? ለምን እንደገና?» ብለው ከሁለተኛው በፊት አይውጡ።

ስህተት 7፦ እስኪነጋ መጠበቅ

አርፈው ቁጭ ብለው ከ15 ደቂቃ በላይ ያልለቀቀ መጨምደድ ካለ፣ ወይም ከላይ ያልናቸው ላብ፣ ትንፋሽ ማጠርና ወደ ክንድ የሚሄድ ህመም ከታከሉበት፣ ደቂቃ ሳይቆጥሩ አምቡላንስ ይጥሩ። ራስዎ መኪና አይንዱ። አስፕሪን መውሰድ እንዳለብዎት ስልክ ላይ ያለውን ባለሙያ ይጠይቁ፤ አስፕሪን የማይስማማዎት ወይም ደም የሚፈስዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱም «ጡንቻ መሰለኝ» ብለው አይጀምሩ። ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ ሲያርፉ ምን እንደሆነና የትኛውን መድኃኒት እንደወሰዱ ይናገሩ። ሲጫኑት ማመሙን መጨረሻ ላይ ቢነግሯቸውም ይደርሳል።