ብቻዋን ያደገች የድመት ግልገል እጅ ስትነክስ

ያለ ወንድምና እህት ያደገች የድመት ግልገል ንክሻዋ እንደሚያም የነገራት የለም። ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ጮኾ ጨዋታውን ትቶባት ይሄድ ነበር። ጨዋታውን ትቶ መሄዱን እናንተ አድርጉላት።

እጃችሁን በፊት እግሮቿ ጥፍር አድርጋ ይዛ ስትነክስ አትመንጭቁ። የሚሸሽ ነገር አደን ይመስላታል፤ ጥፍሯም ይበልጥ ይቧጭራችኋል። እጃችሁን አለስልሱትና አታንቀሳቅሱት። ለቀቅ ስታደርግ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ ከዚያ ሳትናገሩ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ራቁ። መምታትማ ወይ ያስፈራታል ወይ ጨዋታውን ያጦፈዋል።

ስትመለሱ በዘንግ ጫፍ ላይ በክር የታሰረ ላባ እንድታሳድድ አድርጉ። ሲያበቃ ክሩን ደብቁት፤ ብትውጠው አደገኛ ነው። ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተኛ፣ ጅራቷም ከተወራጨ ንክሻ እየመጣ ነውና ቀድማችሁ አቁሙ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ በጣቱ ካጫወታት ግን ልፋታችሁ ገደል ገባ።