የሳጥኑ መንጠቆ እንዳይሰበር ያደረግሁት

አዘዞ ላለ የጫጩት መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በስሪዲ ፕሪንተር ሳጥን ሠራሁለት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ግን ክዳኑን የሚይዘው መንጠቆ ከሥሩ ይቀነጠስ ነበር። ስብራቱ ልሙጥ ስለሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆሞ የታተመ መንጠቆ ሲታጠፍ የሕትመቱ ንብርብሮች ይላቀቃሉ። ሁለተኛው ጉዳይ ልኩ ነው። ከሥሩ ላይ የሚደርሰው መለጠጥ በግምት 1.5 × ውፍረት × የመታጠፍ ርቀት ÷ (ርዝመት × ርዝመት) ነው። መንጠቆው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነበረው። 1 ሚሊ ሜትር ሲታጠፍ 4.7 በመቶ ይለጠጣል፤ ለፒኤልኤ ፕላስቲክ 2 በመቶም ብዙ ነው።

ስለዚህ መንጠቆውን በግድግዳው አናት ላይ አግድም አስተኛሁት፤ ርዝመቱ 20፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር። መለጠጡ ወደ 0.6 በመቶ ወረደ፤ ንብርብሮቹም በርዝመቱ ሄዱ። መንጠቆው እንዲታጠፍ ከበታቹ የተተወው ክፍተት አየር ማስገቢያም ሆነ፤ ይህ ያልታሰበ ትርፍ ነው። መንጠቆው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ሹል ጥግ ክብ ማድረግ ግን አይዘለልም።

የገመዱን ቀዳዳ መንጠቆ በሌለበት ግድግዳ ላይ ከአፉ ክፍት አድርጌዋለሁ፤ መሰኪያው ሳይፈታ ከላይ ይገባል። ሰሌዳው በሳጥኑ ውስጥ ባሉት ምሰሶዎች ላይ በብሎን ስለታሰረ የገመዱ ጉተታ ክዳኑ ላይ አይደርስም።