የቤት ውልና ካርታ ሲጠቃለል የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ላይ ሰው «መሬት ገዛሁ» ይላል፤ ማጠቃለያው ግን እንዲህ ብሎ መጀመር የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም። የተሸጠው ቤቱ ነው፤ ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነባር ይሁን ሊዝ ከካርታው አይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

በብዛት የሚታየው ስህተት የባለቤትነቱን ሰንሰለት በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝለል ነው። ለምሳሌ በ2001 ዓ.ም. ካርታው በአባት ስም ወጣ እንበል። አባት በ2010 አረፉ፤ በ2011 ፍርድ ቤት ሦስት ልጆችን ወራሽ አለ፤ በ2016 ታላቁ ልጅ ብቻውን ሸጠ። «ሻጭ ከአባቱ ወርሶ ሸጠ» ብሎ የሚያልፍ ማጠቃለያ ሁለት ወራሾችን ዋጣቸው ማለት ነው። እናት ካሉና ቤቱ የጋራ ሀብት ከነበረ ደግሞ ግማሹ የራሳቸው ነው፤ ወደ ውርሱም አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱን መተላለፍ ለየብቻ ጻፉ፦ ከማን፣ ለማን፣ በምን ሰነድ፣ በየትኛው ቀን። ሰነድ ከጎደለ ክፍተቱን በግምት አትሙሉ፤ «የሁለቱ ወራሾች ስምምነትና የእናት ድርሻ ሰነድ አልቀረበም» በሉ። ስሙንም እስከ አያት አመሳክሩ።

ወሰን ላይ ቋንቋው ራሱ ያሳስታል። ካርታው በአፋን ኦሮሞ፣ ውሉ በአማርኛ ሲሆን «ካባ» ሰሜን፣ «ኪባ» ደቡብ መሆናቸው በጥድፊያ ይምታታል፤ አዋሳኞቹም ይገለበጣሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ መንገዱ በፕላኑ ላይ በየት በኩል እንዳለ አይቶ ከውሉ ጋር ማስተያየት።

ስፋቱንም ከውሉ ብቻ አትቅዱ። ውሉ 200 ካሬ ሜትር፣ ካርታው 175 ቢል፣ የፕላኑን ጎኖች አባዙ፦ 10 በ17.5 ሜትር 175 ይሆናል። ቦታው ላይ ርዝመቱ 20 ሜትር ሆኖ ከተገኘ አጥሩ 2.5 ሜትር ወጥቷል፤ ያ 25 ካሬ በካርታው አልተሸፈነም። ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጡ። አማካይ የሚጽፍም አይጠፋም፤ ያ ከሁሉም የከፋ ነው።

ዕዳና እግድ ላይ የሚሠራው ስህተት የሻጭን ቃል እንደ ማስረጃ መቁጠር ነው። ውሉ «ከማንኛውም ዕዳና እግድ ነፃ» ቢል፣ ይህ ሻጭ የገባው ግዴታ እንጂ የተጣራ ነገር አይደለም። በሻጭ እጅ ያለው ካርታ ከወጣ በኋላ የተመዘገበ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ላይታይበት ይችላል፤ የሚገኘው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ነው። የተመዘገበ መያዣ ደግሞ ቤቱ ቢሸጥም ከቤቱ ጋር ይሄዳል። ሻጭ ኮፒ ብቻ ካቀረበ ዋናው የት እንዳለ ጠይቁ፤ ባንክ ሊሆን ይችላል። ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለውን ቀሪ ክፍያ ከሊዝ ውሉና ከደረሰኙ አውጥታችሁ ጻፉ። ከጽሕፈት ቤቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከመጣ ቀኑን ጥቀሱ፤ ካልመጣ «አልተጣራም» ብላችሁ ተዉት።