ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ድረ ገጽ ላይ በሕጋዊ መንገድ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ጎግል ላይ የተገኘ ፎቶ የጎግል አይደለም። ጎግል ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚጠቁመው። የ© ምልክት ስለሌለበትም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ደግሞ ከሥሩ የባለፎቶውን ስም ከጻፈ የጨረሰ ይመስለዋል። ስም መጥቀስ ግን ፈቃድን አይተካም።

የሚቀለው መንገድ ፈቃዱ አብሮት የተጻፈ ፎቶ መፈለግ ነው። የድልድይ ፎቶ ፈልጋችሁ፣ ነጻ ፈቃድ ያላቸው ፎቶዎች በሚቀመጡበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ ድረ ገጽ ላይ ጥሩ አገኛችሁ እንበል። ከማውረዳችሁ በፊት የፎቶውን የራሱን ገጽ ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። የባለፎቶውን ስምና CC BY-SA 4.0 የሚል ፈቃድ ታያላችሁ። CC ወይም ሲሲ ማለት ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው፤ ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚለቅበት ፈቃድ ነው።

BY ማለት ስሜን ጥቀሱ ነው። SA ደግሞ ፎቶውን ቀይራችሁ ካወጣችሁ፣ የቀየራችሁትንም በዚሁ ፈቃድ ልቀቁ ይላል። NC ካለበት ለንግድ አይሆንም፤ ND ካለበት ለውጣችሁ ማውጣት አትችሉም። CC0 ከሆነ ባለቤቱ መብቱን ትቶታል።

የድልድዩን ፎቶ ጠርዙን ቆርጣችሁ ለጠፋችሁት እንበል። ከሥሩ እንዲህ ይጻፋል፦

```html
<p>ፎቶ፦ <a href="የፎቶው ገጽ አድራሻ">የባለፎቶው ስም</a>፣
<a href="https://creativecommons.org/licenses/by-sa/4.0/">CC BY-SA 4.0</a>፣
ጠርዙ ተቆርጧል</p>
```

ስሙ፣ ምንጩ፣ ፈቃዱና የተደረገው ለውጥ፣ አራቱም አሉ።

ከፈቃዱ ስም ቀጥሎ ያለችውን የእትም ቁጥር አትናቋት። በ4.0 ስህተታችሁን ባወቃችሁ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከላችሁ ፈቃዱ ይመለስላችኋል። ከማስተካከላችሁ በፊት ላለው ጊዜ ግን ባለቤቱ አሁንም ሊጠይቃችሁ ይችላል። በ2.0 እና በ3.0 ግን ግዴታውን ስትጥሱ ፈቃዱ ወዲያው ይቋረጣል። በእነዚህ በቆዩት የፎቶው ርዕስ ከተሰጠም መጠቀስ አለበት። የቆዩ ፈቃዶችን ይዘው፣ ስማቸው በትክክል ያልተጠቀሰበትን ድረ ገጽ እያደኑ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ምርጫ ካላችሁ 4.0ን ወይም CC0ን ውሰዱ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፎቶውን የጫነው ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። ያልሆነ ሰው የሰጠው ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ "አላወቅኩም ነበር" ማለትም ብዙ ጊዜ ከካሳ አያድንም። ስለዚህ ፎቶውን በምስል መፈለጊያዎቹ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ ፈልጉት። ቀደም ባለ ቀን የዜና ወኪል ወይም ፎቶ ሻጭ ገጽ ላይ ከወጣ ተዉት። መጠኑ በጣም ትንሽ ከሆነና የካሜራ መረጃ ከሌለውም ጠርጥሩ።

ንጹህ ሆኖ ካገኛችሁት ፈቃዱ የሚታይበትን ገጽ ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ። የሲሲ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም። ባለቤቱ በኋላ ገጹን ቢቀይረው ማስረጃችሁ ስክሪንሾቱ ነው።

አንድ ገደብ አለ። ፈቃዱ የሚመለከተው የባለፎቶውን የቅጂ መብት ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ካለና ለማስታወቂያ ከፈለጋችሁት፣ የዚያን ሰው ስምምነት ለብቻ ጠይቁ።