ሚድ ከተበላሸ በኋላ፦ ቢ ይደረሳል ወይስ አይደረስም?

የሚድ ወረቀት በተመለሰ ማግስት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ብትሄዱ አንድ ወሬ ይሰማል። "በቃ፣ ይሄ ኮርስ አለቀለት።" አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይህን የሚለው ተማሪ ሂሳቡን አልሠራም፣ ወይም በተሳሳተ መንገድ ሠርቶታል። ጉዳዩ ከባድ ውሳኔ የሚያስከትል ነው። ኮርሱን ድሮፕ ላድርገው? ለእሱ ማንበቤን ትቼ ለሌላው ልትጋ? ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራው።

ምልክት፦ "ፋይናል መቶ ከመቶ ባመጣም አይደርስም"

ምሳሌ እንውሰድ። ፖሊ ግቢ ሁለተኛ ዓመት የሆነች ተማሪ አለች እንበል። የሒሳብ ኮርሷ አውትላይን ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50 ይላል። ኩዊዙን ከ10 7 አመጣች። ሚዱን ከ30 11። አሳይመንቱን ገና አላስረከበችም። የምትፈልገው ቢ ነው፤ በግቢዋ ስኬል ቢ ከ70 ይጀምራል።

ማታ ዶርም ገብታ እንዲህ አሰላች። ኩዊዝ 70 ፐርሰንት ነው። ሚድ 37 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ከፋይናሉ ጋር ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 70 እንዲመጣ ፋይናሉ 103 መሆን አለበት። ከ100 በላይ ስለሆነ ቢ አይቻልም ብላ ደመደመች።

ምክንያቱ ፐርሰንቶቹን እኩል ክብደት እንዳላቸው አድርጋ ማካፈሏ ነው። ኩዊዙ የኮርሱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ፋይናሉ ግማሹ ነው። በእሷ ስሌት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ አሳይመንቱ ደግሞ ጭራሽ የለም።

መፍትሄው ፐርሰንትን ትቶ በነጥብ ማሰብ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ያስፈልጋል፦ እስካሁን የተያዘው፣ ገና ያልተፈተንንበት፣ የሚፈለገው።

የተያዘው 7 ሲደመር 11፣ ማለትም 18 ነው። ያልተነካው አሳይመንት 10 እና ፋይናል 50፣ በድምሩ 60 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 78 ይሆናሉ። ይህ ጣሪያዋ ነው። ከዚህ በላይ ምንም ብታደርግ አታመጣም። ኤ ማይነስ ከ80 የሚጀምር ከሆነ እሱ በእርግጥ ተዘግቷል፣ ልቧን አታድክም። ቢ ግን 70 ስለሆነ ከጣሪያው በታች ነው፤ ክፍት ነው።

ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት እንይ፦

```
ከፋይናል የሚያስፈልግ = ግብ − የተያዘ − አሳይመንት
70 − 18 − አሳይመንት = 52 − አሳይመንት
```

አሳይመንቱን ከ10 9 ብታመጣ ከፋይናሉ 43 ያስፈልጋታል። 43 ከ50 ማለት 86 ፐርሰንት ነው። ከባድ ነው፣ ግን 103 አይደለም።

አሁን አሳይመንቱን ልብ ብላችሁ እዩት። 6 ብታመጣ ከፋይናሉ 46 ይፈለጋል፣ ማለትም 92 ፐርሰንት። ጭራሽ ባታስረክብ ደግሞ ከ50 52 ይፈለጋል፤ ቢ ፋይናሉ ሳይደርስ ሞተ ማለት ነው። ሚድ የተበላሸበት ተማሪ ተስፋ ቆርጦ መጀመሪያ የሚተወው አሳይመንቱን ነው። በሩን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሚዱ ሳይሆን ይህ ነው። እዚህ ላይ የምትገኝ እያንዳንዷ ነጥብ ከፋይናሉ አንዷን ነጥብ ትቀንሳለች፤ በፐርሰንት ስናየው ከፋይናሉ ላይ ሁለት ፐርሰንት ማለት ነው። አሳይመንት ደግሞ ቤት ተቀምጦ፣ ጓደኛ ጠይቆ፣ መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራ ነው። ከዚህ የሚቀልል ነጥብ በኮርሱ ውስጥ አልቀረም።

የሚዱን ወረቀትም በደንብ እዩት። የድምር ስህተት ካለ፣ ወይም ያልታረመ ገጽ ካለፈ፣ መምህሩን በጨዋነት ማሳየት ተገቢ ነው። እዚያ የተገኘች 2 ነጥብ 43ቱን ወደ 41 ታወርደዋለች።

ምልክት፦ ነጥቦቹን ስደምር ድምሩ የማይመስል ይሆናል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፈተናው የታረመበት ቁጥርና የሚያዝበት ክብደት መለያየቱ ነው። ወረቀቱ ላይ "15 ከ40" ተጽፎ ሚዱ በአውትላይኑ 30 ከሆነ የተያዘው 15 አይደለም። 15 በ30 ተባዝቶ ለ40 ይካፈላል፤ 11.25 ይመጣል። ይህን ሳያደርግ የቀጠለ ተማሪ ወደ 4 የሚጠጋ ነጥብ በከንቱ ቆጥሯል። ተስፋው ሐሰት ይሆንበታል፣ የሚያውቀውም ግሬድ ሲለጠፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት መጀመሪያ ወደ አውትላይኑ ክብደት ቀይሩ፣ ከዚያ ደምሩ።

ምልክት፦ ሂሳቡ ይቻላል ይላል፣ እኔ ግን አላምነውም

ይህ ጥርጣሬ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ የሚነግረን በሩ መከፈቱን እንጂ መግባታችንን አይደለም። 86 ፐርሰንት የሚፈለግባት ተማሪ በሚዱ 37 ፐርሰንት ነበረች።

የሚሻለው መለካት ነው። ከሲኒየሮች ያለፈ ዓመት ፋይናል ተቀበሉ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ በፈተናው ሰዓት ልክ ሥሩትና ራሳችሁ አርሙት። ከ50 30 መጣ እንበል። 18 ሲደመር 9 ሲደመር 30፣ 57 ነው። 57 በብዙ ግቢዎች ስኬል ሲ ነው። ሲ ፕላስ 60 ከሆነ የጎደለው 3 ነጥብ ነው፤ ቢ ማይነስ 65 ከሆነ 8 ነጥብ። ለቢ ግን 13 ነጥብ ይቀራል። ፋይናሉ አራት ሳምንት ከቀረው 8 ነጥብ ማሳደግ የሚታሰብ ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ከቀረው እኔ ሲ ፕላሱን እይዝ ነበር፣ የቀረውን ጊዜም ሌላ ኮርስ ላይ አውለው ነበር።

ይህ ምርጫ ምን ያስከፍላል? ኮርሱ 3 ክሬዲት፣ ሴሚስተሩ በአጠቃላይ 18 ክሬዲት ይሁን። ቢ 3.0፣ ሲ ፕላስ 2.5 ከሆነ ልዩነቱ 0.5 በ3 ተባዝቶ 1.5 ነው። ለ18 ሲካፈል 0.08 አካባቢ ይሆናል። የሴሚስተሩ ጂፒኤ የሚወርደው በዚህ ያህል ነው። ሌላ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ላይ 2 ነጥብ ብቻ ብትጨምሩ ግሬዳችሁ ከፍ የሚል ከሆነ ጊዜው እዚያ ቢሄድ ያዋጣል። ድሮፕ ማድረግን የምታስቡ ከሆነ ግን ቀኑ እንዳያልፍ ከሬጅስትራር ቀድማችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ በትክክል አሰላሁ፣ ግሬዱ ግን ሌላ ሆነ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ግሬዱ በቋሚ ስኬል ሲሰጥ ነው። መምህሩ በከርቭ የሚሰጥ ከሆነ 70 ብሎ ቁርጥ ያለ መስመር የለም፤ መስመሩ የሚሰመረው የክፍሉ ውጤት ሁሉ ታይቶ ነው። ሚዱ ለሁሉም ከብዶ የክፍሉ አማካይ ከ30 10 ከሆነ፣ የእኛዋ 11 ከአማካይ በላይ ናት። አማካዩ 22 ከሆነ ደግሞ ከኋላ ናት። ስለዚህ መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ግሬዱ በስኬል ነው ወይስ በከርቭ? የክፍሉ የሚድ አማካይ ስንት ነው? ፋይናሉን ብቻውን ማለፍ ግዴታ መሆን አለመሆኑንም አብራችሁ አንሱ፤ ግዴታ ከሆነ ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን አያድንም።