ልጅ ሲነስረው የት ጋ ነው የምንይዘው? ለምንስ ይመላለስበታል?

ልጅ ሲነስረው የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው። አንዱ ግንባሩን ይይዛል። ሌላው በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ያለውን አጥንት ይጨምቃል። ሌላው ደግሞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበታል። ደሙ ግን ከእነዚህ ቦታዎች አይመጣም።

ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለይ ግድግዳ አለ። ከቀዳዳው በር ትንሽ ገባ ብሎ፣ በዚህ ግድግዳ የፊት ክፍል ላይ፣ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይገናኛሉ። የሸፈናቸው ሽፋን በጣም ስስ ነው። አብዛኛው የልጆች ነስር የሚነሳው ከዚህችው ቦታ ነው። ልጁ ጣቱን ሲከት የሚነካትም እሷኑ ነው። ደግነቱ ይቺ ቦታ ከውጭ በሁለት ጣት ትያዛለች።

አቀማመጡ

ልጁን ቁጭ አድርጉት። ትንሽ ልጅ ከሆነ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ጀርባው ደረታችሁን ይደገፍ። ከወገቡ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል፣ አገጩም ዝቅ ይበል። ከፊቱ ሳህን ወይም ፎጣ ይኑር።

ወደ ኋላ ማስተኛት ደሙን አያቆመውም። መንገዱን ብቻ ነው የሚያስቀይረው። ከፊት መውረዱን ትቶ በጉሮሮ በኩል ወደ ሆድ ይገባል። የእህቴ ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ነሰረውና በጀርባው አስተኙት። ከአፍንጫው የሚታይ ደም ስለጠፋ ቆመ ብለው ተረጋጉ። ልጁ ግን ዝም ብሎ እየዋጠ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የረጋና የጠቆረ ደም አስመለሰ። ያኔ ሁሉም ሰው ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳ ብሎ ደነገጠ፣ ልጁም በጩኸት መሃል ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ሆዱ ምንም አልሆነም ነበር። የተዋጠ ደም ሆድን ስለሚረብሽ ያስመልሳል፣ በቃ። ስለዚህ ወደ አፉ የመጣውን ደም እንዲተፋው ንገሩት፣ እንዳይውጠው።

አያያዙ

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጣታችሁን በልጁ አፍንጫ ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራቱ። መጀመሪያ ጠንካራ አጥንት ታገኛላችሁ። ከዚያ አጥንቱ ያልቅና ለስለስ ያለው ክፍል ይጀምራል። መያዝ ያለበት ይህ ለስላሳው ክፍል ነው፣ ማለትም የአፍንጫው የታችኛው ግማሽ። አጥንቱን ቀኑን ሙሉ ብትጨምቁት ውስጡ ያለው ደም ሥር ጫናው አይደርሰውም።

በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ሁለቱንም ክንፎች አንድ ላይ ያዙ። ደሙ ከአንድ ወገን ብቻ ቢመጣም ሁለቱንም ነው። መሃል ያለው ግድግዳ ከሁለቱም በኩል ሲታቀፍ ነው ደም ሥሩ በደንብ የሚጫነው። አያያዛችሁ ጠበቅ ያለ ይሁን፣ ልጁን እስኪያሳምመው ግን አይደለም። በትክክል መያዛችሁን በድምፁ ማወቅ ትችላላችሁ። «ማሚ» በል በሉት። አፍንጫው ከተዘጋ «ባቢ» ይመስላል። «ማሚ» ብሎ በግልጽ ከተናገረ አየር እያለፈ ነው፣ ጣታችሁን ትንሽ ወደ ታች አውርዱና አጥብቁ።

አሁን የስልካችሁን ሰዓት ለ10 ደቂቃ ሙሉት። በግምት አይሆንም። ልጅ እያለቀሰና ልብስ በደም ተነክሮ እያያችሁ ሦስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስላችኋል። በዚህ መሃል ለአፍታም እንዳትለቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በየደቂቃው «ቆመ እንዴ?» እያለ ከፈት አድርጎ ያያል። ደም ለመርጋት ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ ይፈልጋል። በከፈታችሁ ቁጥር ገና መያያዝ የጀመረው ይበጠስና ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ልጁ በአፉ ይተንፍስ። እናንተ ተረት አውሩለት ወይም ካርቱን ክፈቱለት። ማልቀስ ደሙን ስለሚያባብሰው ማባበሉም ከሕክምናው ይቆጠራል።

10 ደቂቃው ሲያልቅ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ካልቆመ ለሌላ 10 ደቂቃ ያዙ። ከሁለተኛው ዙር በኋላም ከፈሰሰ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ በመንገድም ላይ አፍንጫውን እንደያዛችሁ። በትክክል ይዛችሁም ደም በጉሮሮው ያለማቋረጥ ከወረደ፣ ልጁ ከገረጣ፣ ከደከመው ወይም ነስሩ ከባድ ውድቀት ወይም ምት ተከትሎ ከመጣ ግን ዙሩን አትጠብቁ፣ ወዲያው ሂዱ።

ሶፍትና ጥጥ መጠቅጠቅን አልወደውም። ደሙን ይመጥጣል እንጂ ደም ሥሩን በሚገባ አይጫነውም። ከዚያ ይደርቅና ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲወጣም የረጋውን ይዞት ይወጣል። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ አፍንጫው ላይ ማድረግ አይጎዳም፣ ግን የጣትን ቦታ አይተካም። አናት ላይ ውሃ ማፍሰስ ልጁን ከማብረድ ያለፈ ሥራ የለውም። ሎሚ፣ ቪክስ፣ የቅጠል ጭማቂ አፍንጫው ውስጥ አትጨምሩ፣ የቆሰለውን ያቃጥላሉ። «ደም በዝቶበት ነው፣ ይውጣለት» ብሎ ዝም ማለትም ትክክል አይደለም። ልጅ ደም በዝቶበት አይነስረውም።

ከቆመ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ አይናፈጥ፣ አፍንጫውን አይነካካ፣ ከሩጫና ከትግል ይረፍ። የሚጠጣውም ትኩስ አይሁን።

ለምን ይመላለሳል?

የእህቴ ልጅ በዚያ በጋ ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ ደም ይገኝ ነበር። ፀሐይ መታው ተባለ፣ ምግብ አነሰው ተባለ። የአንገት በላይ ሐኪሙ የአፍንጫውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በባትሪ አየ። በግራ በኩል፣ ከበሩ ላይ፣ ቀላ ያለ ቦታና የደረቀ ቅርፊት ነበር። ቀጥሎ የልጁን ጥፍር አየ።

ነገሩ የሚዞረው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ደረቅ አየር የአፍንጫን ውስጠኛ ሽፋን ይሰነጥቀዋል። ጉንፋንና አለርጂ ሲጨመሩ ልጁ ሲናፈጥና አፍንጫውን ሲያሽ ይውላል። የተሰነጠቀው ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ያሳክካል። ልጁ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ሳይታወቀው ይቆረቁረዋል፣ ይደማል። ከዚያ አዲስ ቅርፊት ይሠራል። ለዚህ ነው በትክክል መያዝ የዛሬውን ነስር ቢያቆምም የነገውን የማያቆመው። ቁስሉ መዳን አለበት።

የታዘዘለት ቫዝሊን ነበር። ጠዋትና ማታ፣ በንጹሕ ጣት ጫፍ የምስር ፍሬ የምታክል ቫዝሊን ከቀዳዳው በር ውስጥ ትቀባለች፣ ከዚያ ክንፎቹ ከውጭ ቀስ ተብለው ሲታሹ ወደ ግድግዳው ትዳረሳለች። ዘንግ ያለው ጥጥ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ራሱ ያቆስላል። ጥፍሩ በአጭሩ ተቆረጠ። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የነበረው የከሰል ምድጃ ወጣ፣ እሱስ ለአፍንጫው ባይሆንም ለሕይወቱ መውጣት ነበረበት። እናቱ በመጀመሪያው ሳምንት ደሙ ሲጠፋ ልታቆም ነበር። ሐኪሙ ግን ሽፋኑ እስኪጠነክር እስከ አራት ሳምንት ቀጥሉ አላት። ቶሎ የሚያቆም ሰው ቶሎ ይመለስበታል።

ልጁ ለአለርጂ የአፍንጫ መርጫ የሚጠቀም ከሆነ አነጣጠሩን ተመልከቱ። ጫፉ ወደ መሃሉ ግድግዳ ከዞረ መድኃኒቱ ራሱ ቦታውን ያደማዋል። በያንዳንዱ ቀዳዳ ወደዚያው ወገን ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። ለሚነስረው ልጅ አስፕሪን አትስጡ። ኢቡፕሮፌንም ቢሆን ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ።

ቫዝሊን የማይፈታው

ሁልጊዜ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ እየደማ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ልጁ የከተተው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጨሌ። የሰዓት ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለሚያቃጥል ያን ቀን ሳይሆን ያን ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ከወንዝ ወይም ከምንጭ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ከሆነ አልቅትን አስቡ። ከውሃው ጋር ትንሽ ሆና ትገባለች፣ አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቃ ደም እየጠጣች ታድጋለች። ልጁ በየቀኑ ይነስረዋል፣ «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ይላል፣ እየቆየም በደም ማነስ ይገረጣል። ቤት ውስጥ ለመጎተት ወይም ትምባሆና ጨው ለመጨመር አትሞክሩ። ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ በመቆንጠጫ ያወጣታል።

ሰውነቱ ላይ ያለ ምክንያት የበለዘ ቦታ ወይም ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ድዱ ከደማ፣ ትንሽ ቁስል ደሙ አልቆም ካለ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ደም የማይቆምለት ሰው ካለ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ደም እንዲረጋ የሚረዱት የፕላትሌት ሕዋሳት ማነስ፣ የደም መርጋት ችግር፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር እንዲህ ይጀምራል። በመተማና በሁመራ አካባቢ ለቆየ ልጅ፣ ለሳምንታት ያልለቀቀ ትኩሳትና ክሳት ከነስር ጋር ከመጣ በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው ካላዛር መመርመር አለበት። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከነሰረው ያልተለመደ ስለሆነ አንዴም ቢሆን ይታይ። አንድ ወገን አፍንጫው ተደፍኖ የሚነስረው ጎረምሳ ወንድ ልጅም የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቫዝሊኑ በአግባቡ ተቀብቶ ካልተሻለው ሐኪሙ የሚደማውን ደም ሥር ሲልቨር ናይትሬት በተባለ ኬሚካል ሊተኩሰው ይችላል። ከማደንዘዣው በኋላ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አንድ ወገን ብቻ ይሠራል፣ ሁለቱ ወገን አንድ ላይ ከተተኮሰ መሃሉ ግድግዳ ሊበሳ ስለሚችል። ከመሄዳችሁ በፊት ለጥቂት ሳምንት ነስሩ የመጣበትን ቀን፣ ከየትኛው ወገን እንደጀመረና በስንት ደቂቃ እንደቆመ ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።